ምድጃዎቹ ያልደረቁበት አዳር

በሞጻ ቁልቁለት፣ ከኢየሩሳሌም ወደ ምዕራብ ሁለት ሰዓት በማይሞላ የእግር መንገድ ላይ፣ ዮሐና የምትባል ባሏ የሞተባት ሸክላ ሠሪ ትኖር ነበር። እንስራና ማሰሮ የወንዶቹ ሥራ ነው፤ እሷ የምትሠራው ምድጃ ብቻ ነበር። ያውም የፋሲካ ምድጃ። ቁመቱ ከወገብ የሚደርስ፣ ታቹ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ፣ በግ ሳይቆራረጥ በሮማን እንጨት ተሰክቶ ቁልቁል የሚገባበት። እናቷም ይህንኑ ሠርታ ነው ያሳደገቻት። ጭቃውን ከገለባና ከፍየል ጠጉር ጋር ለውሳ፣ እንደ ገመድ አድቦልቡላ፣ ዙር በዙር እያነባበረች ስታቆመው ላየ፣ ምድጃው ከመሬት የበቀለ ይመስለዋል።

ይህ ሥራ በየዓመቱ የማይቀር ሥራ ነው። የኢየሩሳሌም ምድጃዎች የሚቆሙት በየግቢው፣ ሜዳ ላይ ነው። የክረምቱ ዝናብ ሲያጥባቸው ይከርማል፤ ፋሲካ ሲቃረብ ግማሾቹ የጭቃ ክምር ሆነው ይገኛሉ። በዓሉ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ከአገር ሁሉ የመጣ ሕዝብ በአንድ ምሽት በጉን መጥበስ አለበት። መቀቀል ክልክል፣ ለነገ ማሳደርም ክልክል። ስለዚህ የሞጻ ሰዎች በክረምቱ ማብቂያ ምድጃ ይሠራሉ፣ ፀሐይ ላይ ያደርቃሉ፣ በአህያ ጭነው ወደ ከተማ ያወጣሉ።

አንድ ምድጃ እስከ ልቡ እንዲደርቅ አንድ ወር ሙሉ ፀሐይ ይፈልጋል። በዚያ ዓመት ፀሐይ የሚባል ነገር ጠፋ።

ዝናቡ ክረምቱ ሲገባ እንደ ጀመረ አላባራም። አዳር ገባ፤ አዳር የዓመቱ የመጨረሻ ወር ነው፣ ከሱ ቀጥሎ የሚመጣው ኒሳን ነው፣ ፋሲካም በኒሳን በዐሥራ አምስተኛው ቀን። የፉሪም በዓል በአዳር አጋማሽ ሲከበር ሰው የአስቴርን ታሪክ የሰማው ጣራው እያፈሰሰበት ነበር። አዳር ሃያ ስድስት ሲል ዮሐና ዳሱ ሥር ከደረደረቻቸው አርባ ምድጃዎች አንዱን በጥፍሯ ጫረችው። ጭቃው በጥፍሯ ገባ። ለኒሳን ጨረቃ የቀረው ሦስት ቀን፣ ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ከምናምን።

"እማዬ፣ ምን ይሻላል?" አለቻት ልጇ ጣቢታ።

"የሚሻለውን የሚያውቁት የኢየሩሳሌም ሸንጎ ሽማግሌዎች ናቸው" አለች ዮሐና። "ዘንድሮ ወር ካልጨመሩ ሕዝቡ በጉን በፀሐይ ሊያበስል ነው፤ እሷንም ካገኛት።"

ይህን ያለችው በዘፈቀደ አልነበረም። ዮሐና ፊደል አትለይም፤ ግን ሃያ ዓመት ጭቃ ያደረቀ ሰው የዓመቱን አካሄድ ያውቀዋል። ጨረቃ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ተወልዳ ዐሥራ ሁለት ወር ስትሞላ፣ ፀሐይ ዙሯን ለመጨረስ ገና ዐሥራ አንድ ቀን ይቀራታል። በመጀመሪያው ዓመት ማንም ልብ አይለውም። በሁለተኛው ሃያ ሁለት ቀን ይሆናል። በሦስተኛው ፋሲካ ከወር በላይ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ክረምቱ ጉያ ውስጥ ይገባል። ሕጉ ግን በዓሉ በእሸት ወር ይሁን ይላል፤ በበዓሉ ማግስት ለመቅደሱ የሚቀርብ የገብስ ነዶ አለና። ለዚህ ነው ሸንጎው ሲያስፈልግ ኒሳንን ከመጥራት ይቆጠብና አዳርን የሚደግመው፤ የመጀመሪያ አዳር፣ ሁለተኛ አዳር። ዓመቱ ዐሥራ ሦስት ወር ይሆናል፣ በዓሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ወር ከተጨመረ እነሆ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የሟች ባሏ ወንድም ዮኤዜር መጣ። ዮኤዜር የሞጻ ሸክላ ሠሪዎች አለቃ ነው፤ ጥሩ እጅ ያለው፣ ግን ቃሉ ከሚታጠፍ ክንዱ ቢሰበር የሚመርጥ ሰው።

"ምድጃሽን መቼ ነው የምትጭኚው?" አላት።

"ሲደርቅ።"

"የእኔ ደርቋል። በሳምንቱ እጭናለሁ።"

"የእኔ ጭቃና የአንተ ጭቃ ከአንድ ጉድጓድ ነው የወጣው፣ ዮኤዜር። ያንተን የትኛው ፀሐይ አደረቀልህ?"

"ቤት አስገብቼ በዙሪያው እሳት አነደድኩ። ብልሃት ለሴት ብቻ የተሰጠ መሰለሽ?"

"ላዩ ደርቋል፤ ልቡስ?"

ዮኤዜር ፊቱን አጠቆረ። "የመቅደሱ ሰዎች ሲጠይቁኝ 'ምድጃው በጊዜው ይደርሳል' ብያለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።"

"አፋፉ ላይ የቆምከው አንተ፣ የሚወድቀው የሕዝቡ በግ" አለችው። "ሄደህ አልደረሰም በላቸው። እነሱም ወር ይጨምራሉ።"

"ለአንቺ ምድጃ ብለው? አንቺ ሴትዮ፣ ጨረቃን በጭቃ ልታቆሚያት ነው?"

"ጨረቃዋን ማን ነካት? እሷ በቀኗ ትወጣለች። ስሟን ነው የምልህ፤ ኒሳን ከሚሏት ሁለተኛ አዳር ይበሏት።"

ዮኤዜር ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። "አንድ ነገር ልንገርሽ። ነገ ከሸንጎው አንድ ሽማግሌ ገብሱን ሊያይ በዚህ ያልፋል። ሲጠይቅ የሚመልሰው የሠሪዎቹ አለቃ እኔ ነኝ። አንቺ አፍሽን ሰብስበሽ ጭቃሽን ለውሺ።"

ያን ምሽት ነገሩ በዮሐና ልብ ይፋጅ ነበር። ሴት በሸንጎ አትመሰክርም፤ ይህን ታውቃለች። ዝም ብትል ደግሞ በፋሲካ ዋዜማ በኢየሩሳሌም ግቢዎች ውስጥ የሚፈነዳው ምድጃ በዓይኗ ይታያታል። ከሩቅ አገር መንገድ የገፉ ሰዎች ግማሽ ጥሬ በግ ይዘው ሲተያዩ፣ ልጆች ሲያለቅሱ። ምድጃው ላይ ደግሞ በሠራችው ሁሉ ላይ የምትተወው የአውራ ጣቷ ምልክት።

በማግስቱ፣ አዳር ሃያ ሰባት፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት ጠዋት አባ መናሔም በአህያ ደረሱ። ሽበታቸው እስከ ደረት የወረደ፣ ጫማቸው በጭቃ የከበደ፣ በእጃቸው የገብስ ዘለላ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። ዮኤዜር ቀድሞ አህያውን ያዘላቸው። ዮሐና ሥራዋን ትታ ከዳሱ አፍ ቆመች።

"የመንገዱ ነገር እንዴት ነው?" አሉ አባ መናሔም።

"ትንሽ ጨቅይቷል እንጂ ያስኬዳል፣ አባቴ" አለ ዮኤዜር።

"ድልድዩስ?"

"ጠግነነዋል።"

"ምድጃውስ?"

"ደርሷል።"

አባ መናሔም አንዷን የገብስ ፍሬ በጣታቸው ጨመቋት። ነጭ ውኃ ወጣ። "ነገሩ እንዲህ ነው" አሉ፣ ለዮኤዜርም ለራሳቸውም እንደሚናገሩ። "ስለ ዓመቱ ነገር ሦስት ሆነን ተቀምጠናል። አንዱ ጓደኛዬ ወር ይጨመር ይላል። ሌላው አያስፈልግም ይላል፤ ገብሱ ሁለት ሳምንት ተኩል አለው፣ ፀሐይ አንድ ሳምንት ካገኘ ይደርሳል ባይ ነው። እኔ ልየው ብዬ አንድ ቀን ለመንኩ። ከሦስታችን ሁለታችን 'ነገሩ ይታይ' ካልን ሁለት ተጨምረው አምስት እንሆናለን፤ መጨረሻው ላይ ሰባት ሆነን እንቆርጣለን። ሁለታችን 'አይታይ' ካልን ግን እዚያው አለቀ፤ ከነገ ወዲያ ማታ ኒሳን ይገባል ማለት ነው። አዳር ካለፈ አዳርን መድገም የለም።"

"ታዲያ ምን ያስቸግራል፣ አባቴ" አለ ዮኤዜር። "ስለ ብርድ ተብሎ ወር አይጨመርም ይባል የለ?"

"ስለ ብርድ አይጨመርም። ስለ በረዶም አይጨመርም። ስለ መንገድ፣ ስለ ድልድይ፣ ስለ ፋሲካ ምድጃ ግን ይጨመራል። ለዚህ ነው የጠየቅኩህ።"

ዮሐና ይህን ስትሰማ እግሯ ከዳሱ ወጣ። እጇ እስከ ክርን ጭቃ ነበር።

"አባቴ፣ ምድጃው አልደረሰም" አለች።

ዮኤዜር ዞር አለ። "አባቴ፣ ይቅርታ፣ የወንድሜ ሚስት ናት። ምድጃዋ ስላልደረቀላት ዓመቱ እንዲጠብቃት ትፈልጋለች። ለራሷ ጥቅም ነው።"

"አዎ፣ ለራሴም ነው" አለች ዮሐና። "ያልደረቀ ምድጃ ብሸጥ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል? ስሜ ነው የሚፈነዳው።"

አባ መናሔም ወደሷ ተመለከቱ። "ስለ ጥቅም ከተነሣ፣ ሊቀ ካህናቱ በዚህ ጉዳይ አብሮን እንደማይቀመጥ ታውቃላችሁ?"

መልስ ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

"ወር ከተጨመረ የማስተስረያው ቀን ወደ ብርዱ ይገፋል። በዚያ ቀን አምስት ጊዜ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ባዶ እግሩን ድንጋይ ላይ ይውላል። እግሩ እንዳይፈርድ ነው የማናስቀምጠው።" ወደ ዮኤዜር ዞሩ። "አንተም 'ደርሷል' ብለህ ለመቅደሱ ሰዎች ቃል ሰጥተሃል፤ ሰምቻለሁ። የአንተም እግር ውኃ ውስጥ ነው ያለው።"

ጣቢታ ከዳሱ ውስጥ ሳቋን በመዳፏ አፈነች።

"ሴት በሸንጎ አትመሰክርም፤ እኔም አላስመሰክርሽም" አሉ ሽማግሌው ለዮሐና። "ባለ ሙያን መጠየቅ ግን ማን ከለከለኝ? አንድ ጊዜ ከከብት ጠባቂዎች ወሬ ስለ ክረምቱ ተምረናል። እስቲ ንገሪኝ፣ ከላይ ሲያዩት ደረቅ ነው። ልቡ እንዳልደረቀ በምን አወቅሽ?"

"አልነግርዎትም" አለች ዮሐና። "ጭቃው ራሱ ይንገርዎት።"

ወደ ዳሱ ገብታ ከሁሉ የበለጠውን፣ መጀመሪያ የሠራችውንና የደረቀ የሚመስለውን ምድጃ ከልጇ ጋር ደግፋ አወጣች። ግቢው መካከል አቁማው የወይን ጭራሮ ከተተችበት፣ እሳት ለኮሰችበት። ሰፈርተኛው ተሰበሰበ። እሳቱ ነደደ፤ የምድጃው ከንፈር ጠቆረ፣ ቀጥሎ ከጎኑ እንፋሎት ይወጣ ጀመር፣ እንደ ሙቅ ውኃ። ከዚያ ጧ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የመዳፍ ያህል ቁራጭ ተወርውሮ የዮኤዜር እግር ሥር ወደቀ። ሁለተኛው ድምፅ ሲሰማ ምድጃው ከጎኑ ተከፍሎ እሳቱ በስንጥቁ ታየ።

የአሥር ቀን ሥራዋ ነበር። ዮሐና አላለቀሰችም፤ እጆቿን በቀሚሷ ጠረገች።

"ያንቺ ነዋ" አለ ዮኤዜር፣ ግን ድምፁ እንደ ትናንቱ አልነበረም። "የእኔ በእሳት የደረቀ ነው።"

"እንግዲያው ያንተን አምጣ" አሉ አባ መናሔም።

ዮኤዜር እምቢ ማለት አይችልም፤ ሰው ሁሉ ያየዋል። ሁለት ሰው ይዞ አንዱን አመጣ። ምድጃው ሲያዩት ያምራል፤ ሽማግሌው በጣታቸው ሲያንኳኩት እንደ ደረቅ እንስራ ጮኸ። እሳት ለኮሱበት። ጭራሮው ግማሽ ሲሆን ምንም የለም። ዮኤዜር ፊቱ ፈታ ማለት ጀመረ። ሁለተኛ እቅፍ ጭራሮ ሲጨመርበት ከታች፣ ከእግሩ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ተነሣ፣ ወጣ፣ ወጣ፣ እስከ አፉ ደረሰ። ምድጃው ያለ ምንም ጩኸት ለሁለት ተከፈለ።

ማንም አልሳቀም። ዮሐናም አልሳቀችም፤ ያ ምድጃ በስንት ድካም እንደተሠራ ታውቃለች።

"ሌሎቹ ሰፈሮችስ?" አሉ አባ መናሔም ቀስ ብለው።

"ከዚህ እስከ ሞዲን መንገድ ዐሥራ ሁለት ቤት ዞሬያለሁ" አለች። "ስማቸውን ልቁጠርልዎት። በአንዱም ቤት ጥፍር የማይገባው ምድጃ የለም።"

ቤቶቹን አንድ በአንድ ቆጠረች። ሽማግሌው ሰምተው ሲያበቁ የገብሱን ዘለላ ቀበቷቸው ውስጥ ሻጥ አድርገው አህያቸው ላይ ወጡ። "እኔ የመጣሁት ገብስ ለማየት ነበር" አሉ፤ "ገብሱ አልነገረኝም፣ ምድጃው ነገረኝ።" ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ወደ ኢየሩሳሌም ዳገቱን ተያያዙት።

በሃያ ስምንተኛው ቀን ወሬ አልመጣም። በሃያ ዘጠነኛው ጠዋትም አልመጣም። ዮሐና ወደ መንገዱ እየወጣች ታያለች፣ ትመለሳለች። ዮኤዜር ከቤቱ አልወጣም። የመጨረሻው ቀን ነበር፤ ማታ በምዕራብ የጨረቃ ክር ከታየች ወሩ ስም ያገኛል፤ ወይ ኒሳን፣ ወይ ሁለተኛ አዳር።

እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ አንድ መልእክተኛ ቀሚሱን ታጥቆ በዳገቱ ሲወርድ ታየ። ዮሐና መንገዱ መካከል ቆመች።

"ምን ተባለ?"

ሰውየው ለመተንፈስ ቆመ፤ ፈገግ ብሎ ነበር። በዚያ አገር ቋንቋ ዐሥራ ሦስት ወር ያለውን ዓመት ነፍሰ ጡር ይሉታልና እንዲህ አላት፦ "ዓመቲቱ አርግዛለች፣ እትዬ። ሰባቱም ተስማምተዋል፣ የሸንጎው አለቃም ይሁን ብሏል። ገብሱ ገና ነው፣ የዛፉ ፍሬም ገና ነው፣ ምድጃም አልደረቀም አሉ። እኔ ወደ ልዳ እሄዳለሁ፤ ሌሎቹ ወደ ገሊላና ወደ ባቢሎን ደብዳቤ ይዘው ወጥተዋል።"

ዮሐና ውኃ ቀዳችለት፣ ጠጣ፣ ሄደ። ከዚያ ዳሱ ውስጥ ገብታ በምድጃዎቿ መካከል ቁጭ አለችና ለረጅም ጊዜ ሳቀች። ጣቢታ እናቷ እንዲህ ስትስቅ አባቷ ከሞተ ወዲህ አይታ አታውቅም።

ሁለተኛው አዳር በገባ በአምስተኛው ቀን ሰማዩ ተከፈተ። ፀሐዩ የበደለውን እንደሚክስ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ይወጣ ጀመር። የሞጻ ቁልቁለት በምድጃ ተሞላ፤ በየጣራው፣ በየግንቡ ሥር፣ በየመንገዱ ዳር ተደርድሮ ይደርቃል። በአጋማሹ ደግሞ ፉሪም ዳግመኛ መጣ። የመጀመሪያው አዳር ፉሪም እንዳልተደረገ ተቆጥሮ የአስቴር ታሪክ እንደገና ተነበበ፣ ወይኑ እንደገና ተቀዳ፣ ሴቶቹ እንደገና ጣፋጭ ይዘው በየቤቱ ተላላኩ። አንድ የሰፈሩ ቀልደኛ "ዮሐና ሁለት ጊዜ አሰከረችን" አለ፤ ቀልዱ ሰፈሩን ዞረ።

በዚያ ቀን ዮኤዜር የወይን ማሰሮ ይዞ በደጇ ቆመ።

"ልግባ?"

"ደጄ መቼ ተዘግቶብህ ያውቃል?"

ገባ፣ ተቀመጠ፣ ማሰሮውን መሬት አስቀመጠ። "ያን ጊዜ ወር ባይጨመር ኖሮ" አለ፣ ወደ እጁ እያየ፣ "ምድጃዬን ጭኜ እሄድ ነበር። በዋዜማው ግቢ ለግቢ ሲሰነጠቅ እሰማ ነበር።" ማሰሮውን ወደሷ ገፋ አደረገ። "አህዮች አሉኝ። ያንቺንም እኔ አወጣልሻለሁ።"

"ሠላሳ ዘጠኝ ናቸው" አለች ዮሐና። "አንዱን ታውቀዋለህ።"

ያን ጊዜ ሁለቱም ሳቁ።

በኒሳን ዐሥራ አራተኛው ቀን ዮሐና ከልጇ ጋር ወደ ኢየሩሳሌም ወጣች። መንገዱ ደርቆ ነበር፤ በወንዞቹ ሙላት ተይዘው የነበሩ ከምሥራቅ የመጡ መንገደኞች በሰዓቱ ደርሰው ሜዳውን በድንኳን ሞልተውታል። በሁለቱም ወገን የገብሱ ማሳ ቢጫ ሆኖ ይታጠፍ ነበር፤ ለመቅደሱ የሚታጨደው ነዶ ተለይቶ ጫፉ ታስሮ ቆሟል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በየግቢው ምድጃ ተለኮሰ። ዮሐና ከግቢ ግቢ እየዞረች አየች። የአውራ ጣቷ ምልክት ያለበትን ሁሉ በእጇ ጎኑን ነካ እያደረገች አለፈች። አንድም ስንጥቅ አልነበረም። የተጠበሰው ሥጋ ሽታ ከተማውን ሲሞላ፣ አንዲት ከኤማሁስ የመጣች ሴት ምድጃውን እያሳየቻት "ይህን የሠራው እጁ ይባረክ" አለች። ዮሐና "አሜን" ብላ አለፈች፤ እኔ ነኝ አላለችም። ዳገቱን ስትወጣ ግን እርምጃዋ የሙሽራ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ኖረች። ክረምቱ በበረታ ቁጥር በአዳር ወር አንድ ሰው ከሸንጎው ይመጣና "አባ መናሔም ጭቃው እንዴት ነው ይላሉ" ይላል። አባ መናሔም ሲሞቱም በቦታቸው የተቀመጠው ጥያቄውን አላቋረጠም። ዮሐና ሁለት ጊዜ "አልደረሰም" አለች። አንድ ዓመት ግን ታማ ሥራዋ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር፤ የእሷ ምድጃ ሁሉ እርጥብ ነው። መልእክተኛው መጥቶ ሲጠይቃት ከአልጋዋ ቀና ብላ "የእኔ አልደረሰም፤ የሰፈሩ ግን ደርቋል፣ ዓመቱ በእኔ አይቁም" አለችው። በዚያ ዓመት ወር አልተጨመረም፣ ፋሲካም በእሸቱ ጊዜ ዋለ፤ በጉንም የጠበሰችው በዮኤዜር ምድጃ ነው።